አያት ሲደውሉ የተዘጋው ስልክ

ባለፈው ቅዳሜ ቱክዊላ የሚኖሩ ባልና ሚስት ጓደኞቼ ቡና ጠርተውኝ ነበር። ገና አቦሉን ሳንጨርስ "አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፤ እስቲ ዳኘን" አሉኝ። የተጣሉት በ13 ዓመት ልጃቸው አይፎን ነው።

አባትየው ልጁ ሌሊት ጌም እየተጫወተ እንቅልፍ አጥቷል ብሎ ስልኩ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ አድርጓል። ይህ በአሜሪካ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። ለዚህም Screen Time ውስጥ Downtime የሚባለውን ሞላ። ችግሩ ዋትስአፕም አብሮ መዘጋቱ ነው። አዲስ አበባ ያሉት አያቱ ደግሞ ከጸሎት በኋላ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚደውሉት። በሐምሌ አዲስ አበባ ሲያትልን በ10 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ያን ጊዜ እዚህ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ነው።

ልጁ ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅ ጥያቄው ለሁለቱም ወላጆች ይደርሳል። ቀድሞ የፈቀደው ወላጅ ለሌላውም ወሰነለት ማለት ነው። አባትየው ማታ ሥራ ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ የምትመልሰው እናትየው ናት። ምርጫው 15 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ወይም ቀኑን ሙሉ ነው። እሷም "እናቴን ሊያናግር ነው" ብላ ቀኑን ሙሉ ትፈቅዳለች። ጥያቄው ላይ የተጻፈውን ስም አብረን ስናይ ግን ጌሙ ነበር። እናትየው ዝም አለች፤ አባትየውም አልሳቀም።

ለካ ሁለቱ የሚከራከሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። እሱ የፈራው ጌሙን ነው፤ እሷ የፈራችው ልጇ ከአያቱ እንዳይርቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየናቸው። ዋትስአፕን Always Allowed ውስጥ ጨመርነው፤ Downtime ቢጀምርም አይዘጋም። ጌሙ ግን እንደ ድሮው 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ይህም ጉድለት አለው። ስልኩ አያትን ከክፍል ጓደኛ አይለይም፤ ዋትስአፕ ክፍት ከሆነ ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ሊጻጻፍ ይችላል። ይህን ያስተካከለው ቻርጀሩ ነው። ከልጁ መኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን ተቀመጠ። አያት ሲደውሉ ልጁ ሳሎን ሆኖ ያናግራቸዋል፤ ሲጨርስ ስልኩን እዚያው ሰክቶ ይተኛል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። ማታ ጥያቄ ሲመጣ ያየው ሰው መጀመሪያ ስሙን ያነባል። ሌላውን ሳይጠይቅ መፍቀድ የሚችለው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ለሌላው ይጽፋል፤ መልስ ካልመጣ ጥያቄው ለነገ ያድራል። ስምምነቱን ለልጁ የነገሩት ሁለቱም አብረው ተቀምጠው ነው፤ "አባትህ ነው የከለከለህ" የሚባል ነገር እንዳይኖር።

የቅዳሜ ጌም ስንት ሰዓት ይሁን የሚለው ግን አልተፈታም። በረካው ሲቀዳም እየተከራከሩ ነበር።