ከሰሌዳው ፎቶግራፍ እስከ ቃለ ጉባኤው

ስብሰባ ሲያበቃ የሚሆነው ነገር ለሁላችንም የታወቀ ነው። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ስልኩን ያወጣና ነጩን ሰሌዳ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ «ተይዟል፣ ይጥፋ» ይላል። ሰሌዳው ይጠረጋል፤ ክፍሉም ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይለቀቃል። እያንዳንዱ ተሰብሳቢ የስብሰባው ውጤት በዚያ ስልክ ውስጥ እንደ ተቀመጠ አምኖ ይሄዳል። እኛም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስናደርግ ኖረናል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ግን ፎቶግራፉ ቃለ ጉባኤ አለመሆኑን ነው። ከፎቶግራፉ ተነሥቶ የተደራጀ ማስታወሻና የሥራ ድልድል ለማዘጋጀት የሚያስቸግረውም ፊደሉን ማንበብ ሳይሆን፣ ሁሉም ስላወቀው ሰሌዳው ላይ ሳይጻፍ የቀረውን ነገር መልሶ ማግኘት ነው። ለዚህም አንድ የራሳችንን ስሕተት በምሳሌነት እናቀርባለን።

አስቀድመን ቀላሉን እናንሣ። የነጭ ሰሌዳ ገጽ ልሙጥ በመሆኑ በከፊል የመስተዋት ጠባይ አለው፤ ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ከሰሌዳው ፊት ለፊት በቀጥታ ቆመን ፍላሽ ብናበራ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ወደ ሌንሱ ይገባና በጽሑፉ መካከል ነጭ ጉድፍ ይሠራል። ከጉድፉ ሥር ያለውን ጽሑፍ የትኛውም ፕሮግራም ሊመልሰው አይችልም፤ ከነጭራሹ ካሜራው ውስጥ አልገባምና። ፍላሹን ማጥፋትና አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ማንሣት ይበቃል። እርግጥ ከጎን የተነሣ ሰሌዳ አራት ማዕዘኑ ተዛብቶ፣ አንዱ ጎኑ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ይታያል። ይህ ግን የሚያሳስብ አይደለም። የተዛባውን ቅርጽ ለማቃናት የሚያስፈልጉት ያልታወቁ ቁጥሮች 8 ሲሆኑ፣ የሰሌዳው 4 ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት እኩልዮሽ ይሰጡናል። ሒሳቡ ሙሉ ነው። በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዜንግዩ ዣንግ እና ሊ-ዌይ ሂ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ይህንኑ መንገድ ተከትለው፣ ጥላና የተዛባ ብርሃን ያለበትን የሰሌዳ ምስል ወደ ንጹሕ ገጽ የሚለውጥ ሥርዓት አቅርበው ነበር። ዛሬ በየስልኩ የሚገኙት የሰነድ ማንሻ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ተመሳሳይ ሥራ ነው። ከእኛ የሚፈለገው አራቱም ማዕዘኖች በፎቶግራፉ ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ ብቻ ነው።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ስፋቱ 240 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ በ4,000 ፒክስል ስፋት ቢነሣ፣ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 16 ያህል ፒክስል ይደርሰዋል። «ለ»ን ከ«ሉ» እና ከ«ሊ» የምትለየው ቅጥያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብትሆን 8 ፒክስል አላት፤ በደንብ ትታያለች። ይኸው ፎቶግራፍ በመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራም ተልኮ ወደ 1,280 ፒክስል ሲያንስ ግን ቅጥያዋ ከ3 ፒክስል በታች ትሆናለች፤ በማርከሩ መደብዘዝ ላይ ይህ ሲጨመር ካዕቡና ሣልሱ አይለዩም። ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ይህን ችግር ያስቀረዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የተማሪዎች የጥናት ቡድናችን ከአቃቂ ወንዝ የውኃ ናሙና ለመቅዳት ባቀደበት ስብሰባ መጨረሻ ሰሌዳው ላይ የሚከተለው ነበር። በስተግራ «ናሙና» የሚል ቃል በክብ ውስጥ ተጽፏል፤ ከሥሩ «6 ቦታ» ተብሎ ስድስቱ ተሰርዞ በላዩ 4 ተደርጓል። ከክቡ ተነሥቶ «ቤተ ሙከራ» ወደሚል ሳጥን የሚሄድ ቀስት አለ፤ በቀስቱ ላይ «24» የሚል ቁጥር ሰፍሯል። በስተቀኝ «መኪና?» ይላል። ከታች ደግሞ «ሪፖርት ላኩ»፣ «12/4» እና አንዲት ብቸኛ ፊደል፣ «ሰ»፣ ይነበባሉ። ፎቶግራፉ ጥሩ ነበር፤ አንድም የማይነበብ ፊደል አልነበረበትም።

ማስታወሻውን ከፎቶግራፉ እንድታዘጋጅ የተመደበችው እኅታችን በስብሰባው አልነበረችም፤ ሥራው የተሰጣትም ከ11 ቀናት በኋላ ነው። በቀስቱ ላይ ያለውን ቁጥር አስተውላ አሰላች። ከአንድ ቦታ 6 ጠርሙስ እንደሚቀዳ ታውቃለች፤ ቦታዎቹ 4 ናቸው፤ 6 በ4 ሲባዛ 24። ስለዚህ «24 ጠርሙስ ወደ ቤተ ሙከራ ይወሰዳል» ብላ ጻፈች። ሁላችንም አነበብነው፤ ሒሳቡ ልክ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ስብሰባው ላይ የተባለው ግን ሌላ ነበር። ቁጥሩ ሰዓት ነው፤ ናሙናው በተቀዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከነቅዝቃዜው ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት ማለት ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ልንለካ ያሰብነው የውኃውን ባዮኬሚካዊ የኦክሲጅን ፍላጎት ነበር። በዚህ ምርመራ ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ5 ቀናት ይቀመጥና፣ ረቂቅ ሕዋሳት ብስባሹን ሲያብላሉ የተጠቀሙት የሟሟ ኦክሲጅን ይለካል። ናሙናው ምርመራው ሳይጀመር ብዙ ከቆየ ሕዋሳቱ ሥራቸውን አስቀድመው ይጀምራሉ፤ የሚለካው ፍላጎት ያንሳል፤ የተበከለው ወንዝ ከእውነቱ ይልቅ ንጹሕ መስሎ ይታያል። የእኛ ጠርሙሶች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቀድተው፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሰንብተው፣ ቤተ ሙከራ የደረሱት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቤተ ሙከራው ባለሙያ የተቀዱበትን ሰዓት ጠይቀው ሲያበቁ መዝገባቸውን ዘጉ። አንድ ቀን ሙሉ በወንዙ ዳር የተደከመበት ናሙና በዚህ ተጣለ።

ጥፋቱ የእኅታችን አልነበረም፤ አሠራራችን ነው። እርሷ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ እንድትሠራ ተደርጋለች። የመጀመሪያው ሥራ መገልበጥ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን፣ የተሰረዘውንም ጭምር፣ ምንም ሳይጨምሩ እንዳለ ማስፈር። «በቀስቱ ላይ 24 ተጽፏል፤ መለኪያው አልተጻፈም» የሚለው ግልባጭ ነው። ሁለተኛው ሥራ መተርጐም ነው፤ ያ 24 ምንድን ነው ብሎ መወሰን። ሁለቱ ሲደባለቁ ግምቱ ከግልባጩ ጋር አንድ ቀለም ይይዛል፤ አንባቢውም የቱ ከሰሌዳው እንደ መጣ፣ የቱ ከጸሐፊው አእምሮ እንደ መነጨ ሊለይ አይችልም። ተስማሚ ሒሳብ ያለው ግምት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጥያቄ እንኳ አያስነሣምና። ዛሬ ስንሠራ ግልባጩን በግራ ዓምድ፣ ትርጓሜውን በቀኝ ዓምድ እናሰፍራለን፤ እርግጠኛ ካልሆንበት ትርጓሜ አጠገብ የጥያቄ ምልክት እናደርጋለን። ምልክቱ የሚነሣው በስብሰባው የነበረ ሰው ሲያረጋግጥ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሌዳ ላይ የነበሩትን ሌሎች ጽሑፎች በዚህ መንገድ ብናይ ምን ያህል ክፍተት እንዳለባቸው ይገለጣል። «ሪፖርት ላኩ» የሚለውን እንውሰድ። በቋንቋችን «ላኩ» ማለት «እነርሱ ላኩ» ሊሆን ይችላል፤ «እናንተ ላኩ» የሚል ትእዛዝም ሊሆን ይችላል። አንዱ የተፈጸመ ሥራ ነው፤ ሌላው ገና የሚፈጸም። ፊደሉ ፍጹም ተነባቢ ሆኖ ሳለ ሥራው ከዝርዝሩ ይግባ ወይስ ይውጣ የሚለውን ፎቶግራፉ አይመልስልንም።

«12/4» ደግሞ ይብሳል። በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን ነው። የአውሮፓን አቈጣጠር ለሚከተል የውጭ አገር መምህር ኤፕሪል 12፣ ማለትም ሚያዝያ 4 ቀን ነው። በአሜሪካውያን ልማድ ወሩ ስለሚቀድም ዲሴምበር 4 ይሆናል፤ ይህም በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 25 ቀን ይውላል። ስብሰባው በኅዳር ወር አጋማሽ ከተደረገ ታኅሣሥ 12ም ኅዳር 25ም እኩል ያስኬዳሉ፤ በመካከላቸው ግን 17 ቀናት አሉ። አሜሪካዊ አቀማመጥ ባለው የኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ `12/4` ብለን ብንጽፍ፣ ፕሮግራሙ ሳይጠይቀን `4-Dec` አድርጎ ይለውጠዋል። ስለዚህ ወሩን በስሙ መጻፍ፣ «ታኅሣሥ 12» ማለት፣ ከሰሌዳው ጀምሮ መለመድ ያለበት ነገር ነው።

«ሰ» የምትለዋን ፊደል በተመለከተ፣ በቡድናችን ስማቸው በዚህች ፊደል የሚጀምር ሁለት አባላት ነበሩ። ሁለቱም ሌላው እንደሚሠራው አምነው ተቀመጡ።

ከዚህ በመነሣት አንድ ሥራ ከማስታወሻው ወደ ሥራ ድልድሉ የሚሸጋገረው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ሲችል ብቻ ነው እንላለን። ባለቤቱ አንድ ሰው፣ ግሡ የሚታይ ድርጊት፣ ቀኑ በወር ስም የተጻፈ ይሁን። «መኪና?» የሚለው ይህን መስፈርት አያሟላም፤ ስለዚህ ሥራ አይደለም፣ ያልተቋጨ ጥያቄ ነው። ሥራ አስመስሎ ከመዘርዘር ይልቅ «ያልተወሰኑ» በሚል ርእስ ሥር ማስቀመጡ ታማኝነት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ርእስ አይወደውም፤ ስብሰባው ፍሬ ቢስ የሆነ ያስመስለዋልና። እኛ ግን በማስታወሻው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚው ክፍል እርሱ ሆኖ አግኝተነዋል፤ የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ከዚያ ይወጣል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ሁሉ ልፋት ለምን፣ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም አለ አይደለም ወይ ይሉናል። ፕሮግራሙ 24ን 24 ብሎ ቢያነብልን እሰየው። ችግራችን ግን ያ አልነበረም፤ ቁጥሩን ሁላችንም በትክክል አንብበነዋል። ሰዓት መሆኑን የሚያውቁት በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው የሰሙት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ስንጠይቃቸው ደግሞ ከእነርሱም ሁለቱ ረስተውት ነበር። ስድስቱ ቦታ ለምን አራት እንደ ሆነ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረን አልቻለም። አንዱ የጠርሙስ እጥረት አለ፤ ሌላው መንገዱ አያስገባም አለ። ሰሌዳው ላይ ያለው መሰረዣ መስመር ብቻ ነው።

አሁን በቡድናችን ሰሌዳው የሚጠረገው ከተነበበ በኋላ ነው። አንድ ሰው በጣቱ እያመለከተ ከግራ ወደ ቀኝ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ቁጥር ሲደርስ መለኪያውን፣ ፊደል ሲደርስ ሙሉ ስሙን፣ ስርዝ ሲደርስ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ መልሱም በሌላ ቀለም ማርከር እዚያው ይጻፋል። አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ፎቶግራፉ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ማስታወሻውን በስብሰባው የነበረ ሰው በዚያኑ ቀን ጽፎ ለሁሉም ይልካል፤ ባለ ሥራዎቹም ድርሻቸውን ራሳቸው አንብበው «አዎ» ወይም «እኔ አይደለሁም» ይላሉ። ሁለተኛውን ናሙና በቀዳን ጊዜ በቀስቱ ላይ «በ24 ሰዓት ውስጥ» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ነበር፤ ጠርሙሶቹም በበረዶ ሣጥን ሆነው በማግሥቱ ጠዋት ቤተ ሙከራ ደረሱ።