መረጃ የሰበሰበው ልጅ ስም የት ይግባ?

ሰሞኑን አንዲት የሠፈራችን እናት አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። «ሲስተር፣ ልጄ ዴቻ ድረስ በእግሩ እየዞረ ለአንዲት የማስተርስ ተማሪ መረጃ ሰበሰበ። ጽሑፉ ታትሞ ወጣ አሉ፤ የእሱ ስም ግን የለበትም። ይኼ ግፍ አይደለም ወይ?» ሥራ የሚጠባበቁ ነርስና አዋላጅ ልጆች ያሏችሁ የቦንጋ ወላጆች ይህን ቅሬታ ታውቁታላችሁ። ማስተርስ የሚማሩ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ከሌላኛው ወገን ትሰሙታላችሁ። መልሱን የሚወስነው ልጁ የሠራው ሥራ ዓይነት ነው።

በጤናው ሙያ ለዚህ የታወቀ ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ። ብዙ የጤና መጽሔቶች ዛሬም የሚከተሉት የዚህን ኮሚቴ መመሪያ ነው። በመመሪያው መሠረት አንድ ሰው ጸሐፊ ተብሎ እንዲመዘገብ አራት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ጥናቱን በመንደፍ፣ መረጃውን በማግኘት፣ በመተንተን ወይም በመተርጎም ጉልህ ድርሻ ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ ጽሑፉን ያረቅቃል፣ ወይም ረቂቁን አንብቦ ቁም ነገሩን ያርማል። ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ያጸድቃል። አራተኛ፣ ነገ ጥያቄ ቢነሣ ስለ ሥራው ተጠያቂ ለመሆን ይስማማል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ስሙ የሚገባው በጽሑፉ መጨረሻ ባለው የምስጋና ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ «አበሉን ተቀብሏል፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?» የሚለው ነው። ደንቡ ስለ ክፍያ አያወራም፤ የተከፈለውም ሰው አራቱን ካሟላ ጸሐፊ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላን ሰው ረቂቁን ሳያሳዩ ቆይተው «አላነበብክም፣ ስለዚህ ጸሐፊ አይደለህም» ማለት ነው። ይህን መመሪያው ራሱ ይከለክላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ረቂቁን አንብቦ የማረም ዕድል ሊሰጠው ይገባል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ተማሪ በጊምቦና በዴቻ ወረዳዎች ስለ እርግዝና ክትትል ታጠናለች እንበል። 420 እናቶች ይጠየቃሉ። ስድስት መረጃ ሰብሳቢዎች አሏት፤ እያንዳንዳቸው በቀን ሰባት እናቶችን ቢያነጋግሩ ሥራው 10 ቀን ይፈጃል። መጠይቁ ወደ ካፊኖኖ ይተረጎማል፤ ከዚያም ትርጉሙ እንዳልተዛባ ለማየት ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ዋናው ሥራ ሳይጀመር በሌላ ቀበሌ ጥቂት እናቶች ለሙከራ ይጠየቃሉ።

በዚህ ሙከራ ላይ ከስድስቱ አንዷ፣ አዋላጅ ነርስ የሆነች ልጅ፣ አንድ ነገር ታስተውላለች። «በእርግዝናሽ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ነበር?» ሲባሉ፣ ለወባ ወይም ለራስ ምታት የሄዱትም «አዎ» ይላሉ። እንዲህ ከቀጠለ ክትትል ያደረጉት እናቶች ቁጥር ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ልጅቱ ጥያቄውን ለሁለት ከፍላ፣ መጀመሪያ የመሄዳቸውን ምክንያት፣ ቀጥሎ የክትትል ካርድ መያዛቸውን እንዲጠይቅ አድርጋ ታስተካክለዋለች። ተማሪዋም ትቀበላለች።

አሁን ድርሻውን እንለይ። አምስቱ ሰብሳቢዎች የተሰጣቸውን መጠይቅ በታማኝነት ሞልተዋል። ልፋቱ ቀላል አይደለም፤ ጥናቱን ግን አልነደፉም፣ አልተነተኑም፣ ስለ ውጤቱ ቢጠየቁ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም። ቦታቸው ምስጋናው ነው፤ ስማቸውን ለመጥቀስም በጽሑፍ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ይገባል። «መረጃ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን» ከሚል ጥቅል ዐረፍተ ነገር ይልቅ እገሌና እገሊት በዚህ ወረዳ መረጃ ሰበሰቡ ብሎ መጻፍ ይሻላል። አዋላጇ ግን ንድፉን ቀይራለች። ስለዚህ ረቂቁ ሊላክላት ይገባል። አንብባ ካረመች፣ የመጨረሻውን ካጸደቀችና ኃላፊነቱን ከወሰደች ጸሐፊ ናት። «ጊዜ የለኝም» ካለች በምስጋናው ውስጥ ያስተካከለችው ጥያቄ ተጠቅሶ ስሟ ይገባል። የጎረቤቴ ልጅም ከሁለቱ የትኛውን እንደሠራ ራሱን ይጠይቅ።

የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈው የወረዳ ኃላፊም ሆነ መኪና ያዋሱት የቢሮ ሹም በዚህ ሥራቸው ብቻ ጸሐፊ አይሆኑም። አማካሪም አማካሪ ስለተባለ ብቻ አይሆንም። ለማዕረግ ዕድገት የታተመ ጽሑፍ ስለሚቆጠር «የእኔንም ስም አስገቢ» የሚል ግፊት አለ። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ከረቂቁ የትኛውን ክፍል ቀየርክ? መልስ ከሌለ ስሙ ቦታ የለውም።

ቅደም ተከተሉን መመሪያው አይወስንም፤ ጸሐፊዎቹ በጋራ ይስማሙበት ይላል። በጤና ምርምር የተለመደው ግን ዋናውን ሥራ የሠራና ያረቀቀ መጀመሪያ፣ ዋና አማካሪ መጨረሻ፣ ሌሎቹ እንደ ድርሻቸው መሐል ናቸው። ጽሑፉ ከመመረቂያ ሥራ የወጣ ከሆነ ደግሞ በተለምዶ ተማሪው ይቀድማል።

ጠብ የሚነሣው ተማሪዋ ከተመረቀች በኋላ ነው። ሥራ ትይዛለች፣ ረቂቁ ይተኛል። አማካሪው ጠብቆ ጠብቆ ራሱ ይጽፈዋል፣ ራሱንም መጀመሪያ ያደርጋል። እሷ «ተዘረፍኩ» ትላለች፣ እሱ «እኔ ባልጽፈው አይታተምም ነበር» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ይህን የሚከላከለው ሰብሳቢዎቹ ወደ ቀበሌ ከመውጣታቸው በፊት የሚፈረም አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ማን ምን እንደሚሠራ፣ የታሰበው ቅደም ተከተል፣ ተማሪዋ ከምረቃ በኋላ የምታረቅበት የጊዜ ገደብ፣ ለምሳሌ ስድስት ወር፣ ይጻፍበታል። ገደቡ ካለፈ አማካሪው በጽሑፍ አስታውቋት ሊያረቅቅ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ያኔ ሊለወጥ ቢችልም ስሟ ሊፋቅ አይችልም፤ ረቂቁም ለእሷ መድረስ አለበት። ሥራ መልኩን ስለሚለውጥ ወረቀቱ ሁለተኛ ጊዜ ረቂቁ ሲያልቅ ይታያል።

ምስጋና ሲካፈል ምን እንደሚመስል ከአገራችን አንድ ታሪክ ልጥቀስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ የቢልሃርዚያ ምርምራቸው አዲስ መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ለዚህ ሥራ ሲሰጥ የተሸለሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አክሊሉ ለማና አብረዋቸው የሠሩት ለገሠ ወልደዮሐንስ። አጣቢዎቹ ሴቶች ጸሐፊ አልሆኑም፤ ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ግን ይነሣሉ።

የእኛን ስም በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ መጽሔቶች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው ያስቀድማሉ፣ የልጁን በአንድ ፊደል ያሳጥራሉ። ልጃችሁ ስሙንና የአባቱን ስም በላቲን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ካልጻፈ ሥራው የሁለት ሰው ይመስላል። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱ የራሱን ስም አጻጻፍ በዓይኑ ይይ። ከተላከ በኋላ ስም ለመጨመር፣ ለመቀነስ ወይም ቦታ ለማቀያየር መጽሔቱ ምክንያቱንና የሁሉንም ጸሐፊዎች ስምምነት በፊርማ ይጠይቃል። ከተጣሉ አዘጋጁ አይዳኝም፤ ጉዳዩን ጥናቱ ወደተካሄደበት ተቋም ይመልሰዋል። ያን ጊዜ የተፈረመ ወረቀት በእጁ ያለው ተማሪ ወይም መረጃ ሰብሳቢ የሚያሳየው ነገር አለው።