የተሸመደደ መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ አይደርስም

ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የአይኤልትስን ፈተና ይወስዳሉ። ወላጆችም ወደ እኛ ወደ እንግሊዝኛ መምህራን ሲመጡ ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «ለንግግሩ ፈተና ልጄ የሚያጠናው የመልስ ወረቀት የለም ወይ?» እዚህ ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት እየተባዛ ይሸጣል፤ በስልክም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኛ ግን አንሰጥም። የማንሰጥበትን ምክንያት በዚህ የዓመት መጽሐፍ ላይ ማስረዳት ተገቢ መስሎናል።

የንግግሩ ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍል ፈታኙ ስለ ቤት፣ ስለ ትምህርትና ስለመሳሰሉት ቀላል ነገሮች ይጠይቃል። በሁለተኛው ተማሪው በተሰጠው ርዕስ ላይ አንድ ደቂቃ ተዘጋጅቶ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻውን ይናገራል። ሦስተኛው ክፍል ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ውይይት ነው፤ የአስተያየት ጥያቄዎች በብዛት የሚመጡትም እዚህ ነው። በዚህ ክፍል ፈታኙ ከተማሪው መልስ ተነሥቶ ቀጣዩን ጥያቄ ሊያበጅ ይችላል። የተሸመደደው ወረቀት ዋጋ የሚያጣውም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ጥያቄ ወስደን እንየው። ፈታኙ፦ «ወደፊት ሰዎች በጥሬ ገንዘብ መጠቀም ጨርሰው የሚያቆሙ ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀ እንበል። ወረቀት ያጠና ተማሪ እንዲህ ይላል፦ «ይህ በዘመናችን እጅግ አነጋጋሪ የሆነ ርዕስ ነው። ቴክኖሎጂ ጥቅምም ጉዳትም አለው። በአንድ በኩል ሕይወትን ያቀልላል፤ በሌላ በኩል ሰዎችን ከማኅበራዊ ኑሮ ያርቃል።» ዓረፍተ ነገሮቹ ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ጥሬ ገንዘብ ነበር፤ መልሱ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የሚል ቃል እንኳ የለም። ፈታኙ «ታዲያ ለውጡ ይበልጥ የሚያስቸግረው ማንን ነው?» ብሎ ሲቀጥል ወረቀቱ አልቋል። በመጀመሪያው ክፍል ቀስ እያለ በቀላል ቃላት ሲናገር የነበረው ልጅ በድንገት በከባድ ቃላት ፈጠነ፣ ድምፁ እንደ ንባብ አንድ ወጥ ሆነ፤ አሁን ደግሞ ዝም አለ። ፈታኝ ሽምደዳን የሚለየው በእነዚህ ምልክቶች ነው፤ ከተጠራጠረም ጥያቄውን ዘወር አድርጎ ያቀርበዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ተማሪ እንዲህ ይመልስ፦ «ጨርሶ የሚቀር አይመስለኝም፤ በጣም ይቀንሳል እንጂ። ምክንያቱም ሰው የሚመርጠው የሚቀልለውን ብቻ ሳይሆን የሚያምነውንም ነው። እናቴ ኢስሊ ውስጥ እንጀራ ትሸጣለች። አብዛኞቹ ደንበኞቿ በኤምፔሳ ይከፍሏታል። ጤፍ የሚያመጣላት ሰው ግን አንድ ጊዜ በሐሰት የክፍያ መልእክት ስለተታለለ፣ ከዚያ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አይቀበልም። እንደ እሱ የተጎዱ ሰዎች እስካሉ ድረስ ጥሬ ገንዘብ ይቆያል።»

ይህ መልስ አራት እርምጃ አለው። አቋሙ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተነገረ፤ ምክንያቱ ተከተለ፤ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ምሳሌ መጣ፤ በመጨረሻም ከአንድ ጤፍ ነጋዴ ተነሥቶ ስለ ብዙ ሰዎች ተናገረ። ሲነገር ከግማሽ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። «ማንን ያስቸግራል?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ተማሪው የሚያወራለት ሰው ፊቱ ላይ አለ።

ነጥብ የሚሰጠው በእኩል ክብደት በአራት ነገሮች ነው፦ በንግግሩ ፍሰትና ተያያዥነት፣ በቃላት ሀብት፣ በሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ በድምፅ አጠራር። ፈታኙ በአስተያየቱ ይስማማ አይስማማ ነጥብ የለውም። ምሳሌው ግን ለአራቱም ይረዳል። ተማሪው ስለ ዛሬ፣ ስለ ትናንትና ስለ ወደፊት በአንድ መልስ ውስጥ መናገር ስላለበት የተለያዩ የግስ ጊዜያት ሳይታሰብ ይመጣሉ። «ደንበኛ»፣ «ማታለል»፣ «መተማመን» የሚሉት ቃላት ነገሩ ራሱ የሚጠይቃቸው ናቸው። የሚያውቀውን ስለሚናገርም ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚለው በተፈጥሮው ነው።

ይህ አካሄድም ወጥመድ አለው። የሦስተኛው ክፍል ጥያቄ ስለ ሰዎች በጠቅላላው እንጂ ስለ ተማሪው ሕይወት አይደለም። ስለ እናቱ ንግድ ሁለት ደቂቃ ተርኮ ወደ ጥያቄው ያልተመለሰ ልጅ አልመለሰም ማለት ነው። የምንሰጠው መለኪያ ቀላል ነው፦ ከምሳሌው በኋላ «ስለዚህ» ብሎ ስለ ብዙ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ፣ ምሳሌው ወይ ረዝሟል ወይ ቦታው አይደለም።

የልጆቻችን ችግር ሌላም መልክ አለው። በባህላችን «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር ነው፤ በታላቅ ፊት ስለ ራስ ማውራት እንደ ጉራ ይቆጠራል። አማርኛችንም ነገሩን አዙሮ አዙሮ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ያኖራል። ስለዚህ አቋምን አስቀድሞ መናገር ለብዙዎቹ እንደ ድፍረት ይሰማቸዋል። ለዚህ መፍትሔው ምሳሌውን ከራስ ላይ አንሥቶ ጎረቤት፣ አጎት ወይም የሰፈር ባለሱቅ ላይ ማድረግ ነው፤ የሚያውቁት ሰው ከሆነ በቂ ነው። ከባድ መንገድ አልፈው እዚህ የደረሱ ልጆችም ያለፈባቸውን ለማያውቁት ፈታኝ የመንገር ግዴታ የለባቸውም። የሐዘን ታሪክ ነጥብ አይጨምርም፤ የኤምፔሳ ታሪክ ይበቃል።

«እኛ በቃል አጥንተን አይደል ያደግነው?» የሚሉን ወላጆች አሉ። እውነት ነው፤ ዳዊት በቃል ይያዛል። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን የራሱን ቅኔ ለመምህሩ መቁጠር አለበት፤ የሌላውን ይዞ መምጣት አያስከብረውም። ቃላትን፣ ግሶችንና «በእኔ አስተያየት» የመሰሉ ማያያዣዎችን በቃል መያዝ ጥሩ ነው፤ እኛም እናስጠናለን። መልሱ ግን እንደ ቅኔው በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት።

ስለዚህ ወላጆችን የምንለምነው ለወረቀቱ የምታወጡትን ገንዘብ አስቀርታችሁ ማታ እራት ላይ ሁለት ጥያቄ እንድትጠይቁ ነው። ልጁ ስለ ማንኛውም ነገር አስተያየት ሲሰጥ «ለምን?» በሉት፤ ሲመልስ ደግሞ «እስቲ የምታውቀውን አንድ ሰው ጥቀስልኝ» በሉት። በአማርኛ ይሁን፤ ምክንያትና ምሳሌ የማግኘት ልማድ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። እንግሊዝኛውን እኛ ክፍል ውስጥ እናለብሰዋለን።