መልስ ተብሎ የተላከ ታግ

በዚህ ሳምንት የዚህን ዓምድ ጸሐፊ ያናደደው አንድ አጭር የጽሑፍ መልዕክት ነው። መልዕክቱ የደረሳቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ለአንድ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገብተው መልስ ሲጠባበቁ ከርመዋል። መልሱ ባለ ቁልፍ ስልካቸው ላይ ሲመጣ ከአማርኛው መሃል የማያውቁት ምልክት ተሰግስጎበት ስላዩ፣ ስልኩን ለልጅ ልጃቸው አቀበሉ።

«ይኼ ስልክ ተበላሸ መሰለኝ።»

«አይ አባባ፣ ስልኩ ደህና ነው። የላኩት ነገር ነው እንዲህ የሆነው።»

ልጁ ልክ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ብቻ ተቀይሮ መልዕክቱ ይህን ይመስላል፦

```
ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ደርሶናል።<br><br>ለመከታተል <a href="https://example.com/t?id=4821&amp;k=7">እዚህ ይጫኑ</a>።
```

እነዚህ ምልክቶች የኤችቲኤምኤል ታጎች ናቸው። `<br>` አዲስ መስመር ጀምር ማለት ነው፤ `<a href>` ደግሞ አድራሻውን ደብቆ «እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ቃል ብቻ ያሳያል። ድረ ገጽ የሚከፍተው ብራውዘር ይህን አንብቦ ይታዘዛል። አጭር የጽሑፍ መልዕክት ግን ጥሬ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ኤችቲኤምኤል መሆኑን ለስልኩ የሚነግርበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ስልኩ የደረሰውን ፊደል በፊደል አሳየ። ጥፋቱ የተፈጸመው ከዚያ በፊት፣ ለኢሜይል የተዘጋጀው ቅጽ እንዳለ ተገልብጦ ወደ መልዕክት መላኪያው ሲገባ ነው።

መልኩ ማስቀየሙ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር። ልጁ መልዕክቱን ወደ ራሱ ስማርትፎን አስተላልፎ ሰማያዊ ሆኖ የታየውን ሊንክ ሲጫን «የጠየቁት መረጃ አልተገኘም» የሚል ገጽ ተከፈተለት። ጉዳዩ የጠፋ መስሎት ደነገጠ። ያልጠፋ ጉዳይ ነው! ችግሩ ያለው `&amp;` ላይ ነው። በኤችቲኤምኤል ውስጥ `&` የተለየ ሥራ ስላላት ራሷን ለማሳየት `&amp;` ተብላ ትጻፋለች፤ ብራውዘሩ መልሶ ይፈታታል። ጥሬ ጽሑፍ ላይ የሚፈታት የለም። ስልኩ አድራሻውን ከነ`&amp;` ወሰደው፤ ሰርቨሩም `k` የተባለውን ቁልፍ ሲጠብቅ `amp;k` የሚባል የማያውቀው ነገር ደረሰው። የጉዳዩ ቁጥር ትክክል ቢሆንም ቁልፉ ስላልተገኘ በሩ አልተከፈተም። ልጁ `amp;` የሚለውን ብቻ አጥፍቶ ቢሞክር ይከፈት ነበር፤ ግን ይህን የሚገምት ተገልጋይ ስንት ነው?

ገንዘብም አለበት። አንድ አጭር መልዕክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ ይህ በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ከስልክ መደበኛው የፊደል ገበታ ውስጥ ስለሌለ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳ ከገባ መላው መልዕክት፣ ላቲኑም ጭምር፣ በሁለት በሁለት ባይት ይጻፋል። ቦታው ወደ 70 ምልክት ይወርዳል። ከላይ ያለው መልዕክት ሲቆጠር 97 ምልክት ነው፤ ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ፣ የሁለት መልዕክት ሂሳብ ተከፍሎበት ሄደ። ይኸው ሐሳብ ያለ ታግ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ደርሶናል። ለመከታተል፦ https://example.com/t?id=4821&k=7
```

64 ምልክት። በአንድ መልዕክት ይገባል፤ ሊንኩም ይሠራል። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አለመኖሩም በስህተት አይደለም። አንዳንድ ስልኮች «።»ን የአድራሻው አካል አድርገው ስለሚወስዷት ከሊንክ ጀርባ ተጣብቃ መቀመጥ የለባትም።

እዚህ ላይ «ታጎቹን አጥፍቶ መላክ ነው፣ አለቀ» የሚል ፕሮግራመር አይጠፋም። በጥድፊያ የሚሠራውም ይኸው ነው፤ በ`<` እና በ`>` መካከል ያለውን ሁሉ የሚቆርጥ አንድ መስመር ኮድ ይጨመራል። ውጤቱ «ለመከታተል እዚህ ይጫኑ» የሚል ንጹሕ አማርኛ ነው፤ የሚጫኑት ነገር ግን የለም። አድራሻው ታጉ ውስጥ ስለነበር አብሮ ተቆርጧል። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። የተበላሸው መልዕክት ቢያንስ መበላሸቱ ይታይ ነበር፤ ይኼኛው ግን ደህና መስሎ ሰውን ባዶ እጁን ይሰዳል። ታግ ሲነሳ አድራሻው አስቀድሞ ወጥቶ ከጽሑፉ ጎን መቀመጥ፣ `<br>`ም በእውነተኛ አዲስ መስመር ወይም በክፍት ቦታ መተካት አለበት።

«ሰዉ ስማርትፎን ይግዛ» የሚሉም አሉ። ስማርትፎን ላይም መልዕክቱ ያው ነው፤ ልጁ ያየው ይህንኑ ነው።

ቴሌግራም ላይ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። መሥሪያ ቤቶች በቦት መልስ መስጠት ከጀመሩ ወዲህ ያው ቅጽ ወደዚያም ይገለበጣል። ቦቱ ሲልክ `parse_mode` የሚባለው ቦታ ላይ `HTML` ብሎ ካልጠቀሰ ታጎቹ እንደ ስልኩ ሁሉ በጥሬው ይታያሉ። ይህን ያወቀ ባለሙያ `HTML` ብሎ ይጨምርና ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ቴሌግራም የሚቀበላቸው ታጎች እንደ `<b>`፣ `<i>`፣ `<a>` እና `<code>` ያሉ ጥቂቶች ናቸው፤ `<br>` ከነሱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ አገልግሎቱ መልዕክቱን ጨርሶ አይቀበልም፣ 400 ቁጥር ያለው ስህተት ለላኪው ይመልሳል። ያንን ስህተት የሚያነብ ሰው ከሌለ ተገልጋዩ ምንም አይደርሰውም፤ ዝም እንደተባለ ይቆጥረዋል። ደንበኛ የጻፈው ስም ወይም አቤቱታ ውስጥ `<` ብትኖርም እንዲሁ ነው፤ `&lt;` ተብላ ካልተቀየረች መልሱ ይቀራል።

ኢሜይል ይህን ጉዳይ ከፈታው ቆይቷል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 2046 `multipart/alternative` የሚባለውን አሠራር ይደነግጋል። አንዱ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አብሮ ይላካል፤ መጀመሪያ ጥሬው ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ኤችቲኤምኤሉ። ተቀባዩ መተግበሪያ ሊያሳይ ከሚችላቸው የመጨረሻውን ይመርጣል። ላኪው የተቀባዩን አቅም መገመት አይጠበቅበትም። መሥሪያ ቤቱም ይህን ቢከተል ኖሮ ጥሬው ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ስለሚኖር ለስልክ የሚላከው እሱ ይሆን ነበር። ብዙዎች ግን ኤችቲኤምኤሉን ብቻ ጽፈው ጥሬውን ክፍል ባዶ ይተዉታል፣ ወይም ይባስ ብለው ያንኑ ኤችቲኤምኤል `text/plain` ብለው ይልኩታል፤ ያኔ ኢሜይሉም ታጉን እንዳለ ያሳያል።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ጸሐፊው «እዚህ ይጫኑ» ከሚለው ሐረግ ጋር ያለውን የቆየ ጠብ ያውቁታል። ጠቡ አሁንም አልበረደም። አጭበርባሪዎች «ሽልማት ደርሶዎታል» ብለው ሊንክ በሚልኩበት ዘመን፣ መሥሪያ ቤቶች አድራሻ በቃል ጀርባ እየደበቁ መላካቸው ሕዝቡን ሳያይ መጫን ያለማምደዋል። አድራሻው በግልጽ ተጽፎ ሲመጣ የልጅ ልጁ ቢያንስ የመሥሪያ ቤቱ ስም መሆን አለመሆኑን አይቶ ለአያቱ «ይጫኑት» ወይም «ይተዉት» ሊላቸው ይችላል።