«አላሳወቁንም» ካሳ አያስቀርም

ከዓለም ከተማ ወደ ሙከጡሪ በሚወስደው መንገድ ወደ ጀማ ወንዝ ሲወርድ አንድ እህል የጫነ አይሱዙ ተገለበጠ እንበል። ባለንብረቱ ካሳ ሲጠይቅ ከመድን ድርጅቱ የሚደርሰው ደብዳቤ፣ መኪናው ቀድሞ አደጋ ደርሶበት እንደነበር ውሉ ሲፈረም ስላልተገለጸ ካሳ አይከፈልም ይላል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ሕጉ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ሙሉውን ካሳ አይነፍግም።

የመድን ውል አሁንም የሚመራው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የመድኑን ክፍል አልተካውም። ቁጥር 667 መድን ገቢው የሚያውቀውን፣ አደጋውን ለመመዘን የሚረዳውን ሁሉ እንዲናገር ያስገድዳል። ስለዚህ «አልጠየቁኝም» ማለት ብቻውን አያድንም። የማያውቀውን ግን እንዲናገር አይጠበቅበትም፤ መኪናውን አሮጌ ገዝቶት የቀደመው ባለቤት አደጋውን ደብቆት ከነበረ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ቢያውቅስ? ቁጥር 668 ሆን ብሎ የደበቀውንና ሳያስብ የዘነጋውን ለይቶ ያያል። ውሉ የሚፈርሰው ድበቃው ሆን ተብሎ ከተፈጸመና የድርጅቱን ውሳኔ የሚለውጥ ከሆነ ነው። ማታለል ከሌለ ውሉ ይጸናል፤ አደጋው ደርሶ ከሆነም ካሳው በተከፈለውና ሊከፈል ይገባ በነበረው አረቦን ልዩነት ልክ ይቀነሳል። የተከፈለው 30 ሺህ ብር፣ እውነቱ ቢታወቅ የሚጠየቀው 40 ሺህ ቢሆን፣ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ሦስት አራተኛው፣ ማለትም 300 ሺህ ብር ይከፈላል። በዜሮና በ300 ሺህ መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሆን ብሎ ነው ወይስ አይደለም? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 መሠረት ውሉ ፈራሽ ነው የሚለው ወገን ፈራሽ ያደረገውን ነገር የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ ሸክሙ የድርጅቱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እምቢታው በጽሑፍ ይጠየቅ። ቀጥሎ ባለንብረቱ የፈረመበት የማመልከቻ ቅጽ ቅጂ ይውጣ፤ ቅጹን ብዙ ጊዜ የሚሞላው የሽያጭ ወኪሉ ነው፣ ደንበኛው ፈርሞ ይሄዳል። ባዶ የቀረ ወይም በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ መልስ የማታለል ሐሳብ እንዳልነበረ ለማሳየት ይረዳል። ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚጻፈው አቤቱታም ቢያንስ የቅናሹ ሂሳብ እንዲሠራ በግልጽ ይጠይቅ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ደብዳቤው «አላሳወቁም» ሳይሆን «መኪናው ለኪራይ ሲሠራ ውሉ የሚሸፍነው የግል አገልግሎት ብቻ ነው» ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ክርክሩ የሽፋኑ ወሰን ላይ ስለሚሆን የቅናሹ ሕግ አያግዝም፤ መነበብ ያለበት የውሉ አንቀጽ ነው።

ድርጅቱ ከአቋሙ ካልተመለሰ ለተቆጣጣሪው ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይቻላል። ውሉ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለው በዚያ፣ ከሌለው በፍርድ ቤት ይከሰሳል። «ጉዳይዎ እየታየ ነው» እየተባለ ከዓለም ከተማ አዲስ አበባ መመላለሱ ግን አደገኛ ነው፤ የመድን ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ቀኑም የሚቆጠረው እምቢታው ከደረሰበት ሳይሆን አደጋው ከደረሰበት ወይም ከታወቀበት ዕለት ጀምሮ ነው።