ከልስን በፊት ሶሌታው ይመርመር



ጣውላው ሲነሳ ከሶሌታው ሥር ጠጠሩ አግጦ፣ አርማታው እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ ቢታይ፣ ግንበኛው «ግድ የለም፣ ልስን ይሸፍነዋል» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ይመርመር ባይ ነኝ።

ይህ የሚመጣው ቫይብሬተር በደንብ ሳይደርስ ሲቀር፣ ወይም አርማታው ውሃ በዝቶበት አለዚያም ከከፍታ ተለቆ ጠጠሩ ከሲሚንቶው ሲለያይ ነው።

ውፍረቱ 15 ሳንቲሜትር በሆነ ሶሌታ ሁለት ቦታ ቀዳዳ አየን እንበል። አንደኛው መሐል ላይ ነው። ልል ጠጠሩን ፍቀን ስናወጣው ጥልቀቱ 1 ሳንቲሜትር ያህል ሆነ፤ ፌሮ አልታየም፤ ዙሪያውም በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ጥብቅ ነው። ይህ ታጥቦና ረጥቦ በደህና የሲሚንቶ ቡኬት ቢደፈን ይበቃል።

ሁለተኛው ከኮለኑ አጠገብ ነው። ስፋቱ ያንሳል፤ ነገር ግን ምስማር ስንሰድበት ከፌሮው ጀርባ አልፎ ገባ። ሸክሙ ወደ ኮለን የሚሰበሰበው እዚህ ነው፤ አርማታ ያልጨበጠው ፌሮም ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ ድጋፉ አይነሳ፤ ተነስቶ ከሆነም ይመለስ። መሐንዲስ አይቶ ሳይወስን ማንም አይለስነው!

እንግዲህ ዋናው ነገር የቀዳዳው ስፋት ብቻ አይደለም፤ ጥልቀቱና ያለበት ቦታም ነው።