ነጭ ሸሚዝ የግድ ነው ያለው ማነው?

«ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ኮት፣ በቃ!» ሥራ ፈላጊ ሁሉ ከቃለ መጠይቅ በፊት ይህን ምክር ይሰማል። ጠያቂው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ምክሩ አይከፋም። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ሲሆን ግን፣ በተለይ ለእኛ ለጠይሞቹ፣ ስህተት ነው እንላለን።

ጣጣው የካሜራው ነው። የስልክና የላፕቶፕ ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ይመጥናል፤ ደማቁንና ጨለማውን አቻችሎ መካከለኛ ላይ ለማሳረፍ ይሞክራል። የምስሉን ግማሽ ነጭ ልብስ ከሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ያኔ ሸሚዙ ግራጫ ይሆናል፣ ፊታችንም ጥላ ውስጥ ይገባል። ጥቁር ልብስ ሲበዛ ደግሞ ምስሉን ያነጣና ግንባራችንን ያብለጨልጨዋል። ፊትን ለይተው የሚመጥኑ አዳዲስ ስልኮች ችግሩን ቢቀንሱትም ብዙዎቻችን የምንጠቀመው አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ደባርቅ ላይ ሞክረነዋል። ጓደኛችንን ፊቷን ወደ መስኮት አዙረን፣ ከጀርባዋ ውሃ ሰማያዊ ግድግዳ አድርገን አስቀመጥናት። ነጭ ነጠላ ስትለብስ ዓይኖቿ አልታይ አሉ። ከግድግዳው ጋር የሚመሳሰል ሸሚዝ ስትለብስ ትከሻዋ ጠፋ። ደማቅ ቀይ ሹራብ ስትለብስ ቀለሙ ከጠርዙ አልፎ አንገቷ ላይ የፈሰሰ መሰለ። ቪዲዮ ቀለምን የሚልከው ከብርሃን ባነሰ ጥራት ስለሆነ ደማቅ ቀይ ጠርዙን አይጠብቅም። ወይን ጠጅ ሹራብ ስትለብስ ግን ፊቷ ወለል ብሎ ወጣ። ከፊታችን ብዙ ያልነጣ፣ ብዙ ያልጠቆረ፣ ከግድግዳው የተለየ አንድ ወጥ ቀለም ይሻላል ማለት ነው።

አንገቱስ? በደባርቅ ብርድ እስከ አገጭ የሚዘጋ ሹራብ መልበስ ልማዳችን ነው። ካሜራው ከደረት በላይ ብቻ ስለሚያሳይ ግን ጭንቅላታችን ትከሻ ላይ የተተከለ ይመስላል። በጣም የተከፈተው ደግሞ ጠርዙ ከምስሉ በታች ይቀርና ምንም ያልለበስን ያስመስለናል። የሚሻለው ትንሽ ሾጠጥ ያለ አንገት ወይም አንድ ቁልፉ የተፈታ ኮሌታ ነው። ለማረጋገጥ ወደ ካሜራው ጠጋ በሉ፤ የልብሱ ጠርዝ አሁንም ከታየ ደህና ነው።

«ጥበባችንን እንተወው ወይ?» ለምትሉን፣ አትተዉት። ግን ደቃቅ መስመር ያለው ጥበብ ካሜራ ላይ ይርገበገባል። ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ለፊታችሁ የሚበቃውን ጥራት ይሻማል። ሰፋ ያለ ጥለት ምረጡ፤ ከነጩም ከሹራቡ በላይ ጠርዙ ብቻ ይታይ።

ቀማሚዎቹ ድሮም እኛን አላሰቡም። ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት የፎቶ ቀለም የሚያስተካክለው «ሸርሊ» በተባለ የነጭ ሴት ምስል ነበር። በእነርሱ ፊት የተለካውን ምክር ለምን እንሸከማለን? ጠያቂዎችም ብትሆኑ የጨለመ ፊት አይታችሁ «አልተዘጋጀችም» ከማለታችሁ በፊት ሸሚዟን ተመልከቱ፤ ነጭ ልበሺ ያላችኋት እናንተው ናችሁ!